ከ−a እስከ a ያለ ኢንቲግራልን በኢቭንና በኦድ ማሳጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንቲግራሉ ከ−a እስከ a ሲሆን ዜሮ ልክ መሃል ላይ ይወድቃል። ግራና ቀኙ እኩል ርዝመት ይኖራቸዋል። በዚህ ምክንያት ግማሽ ገጽ የሚፈጅ ስሌት አንዳንዴ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዳንዴም ምንም ሳይሰላ መልሱ ዜሮ ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር፣ አቋራጩ በሚሠራበትም በማይሠራበትም ቦታ ጥያቄው አንድ ዓይነት መልክ መያዙ ነው። ስለዚህ ሕጉ የት ላይ እንደሚቆም ሰፋ አድርጌ ጽፌያለሁ።

አጻጻፉ እንዲቀል ∫[−a, a] f(x) dx ስል ከ−a እስከ a ያለውን ኢንቲግራል ማለቴ ነው።

ፈንክሽን ኢቭን ወይም ኦድ ነው የሚባለው መቼ ነው?

በ x ቦታ −x አስገቡና አቃልሉ። የወጣው ያው የመጀመሪያው ፈንክሽን ከሆነ፣ ማለትም f(−x) = f(x) ከሆነ፣ ኢቭን ነው። ምልክቱ ብቻ ተገልብጦ ከመጣ፣ ማለትም f(−x) = −f(x) ከሆነ፣ ኦድ ነው።

x²፣ cos x እና |x| ኢቭን ናቸው። x³፣ sin x እና x ራሱ ኦድ ናቸው። ስሙ የመጣው ከፓወሩ ነው፦ x²፣ x⁴፣ x⁶ ኢቭን ሲሆኑ x፣ x³፣ x⁵ ኦድ ናቸው። ቋሚ ቁጥርም፣ ለምሳሌ 7፣ ኢቭን ነው። −x የሚገባበት x ስለሌለው አይለወጥም። ይህችን የሚረሳ ብዙ ነው።

ኢቭን ፈንክሽን የተሳለበትን ወረቀት በ y ዘንግ ላይ ብታጥፉት ግራውና ቀኙ ይገጥማሉ። ኦድ ፈንክሽን የተሳለበትን ወረቀት ደግሞ መነሻ ነጥቡ ላይ ይዛችሁ ግማሽ ዙር ብታዞሩት ያው ሥዕል ተመልሶ ይመጣል።

አብዛኛው ፈንክሽን ግን ሁለቱንም አይደለም። eˣ አይደለም፣ x² + x ም አይደለም። እነሱን ምን እንደምናደርጋቸው ወደ ታች እመለስበታለሁ። እኔ ከሁሉም የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? እውነት የሆነውስ ለምንድን ነው?

ሕጉ ሁለት መስመር ነው።

f ኢቭን ከሆነ፦ ∫[−a, a] f(x) dx = 2 ∫[0, a] f(x) dx

f ኦድ ከሆነ፦ ∫[−a, a] f(x) dx = 0

ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይሸመድዳል። እኔ የምመክረው ሁለቱንም የሚወልደውን አንድ መስመር መያዝ ነው። መጀመሪያ ኢንቲግራሉን ዜሮ ላይ ለሁለት ቁረጡት፦

∫[−a, a] f(x) dx = ∫[−a, 0] f(x) dx + ∫[0, a] f(x) dx

አሁን የግራውን ቁራጭ ብቻ ያዙ። x = −t በሉ። dx = −dt ይሆናል። x ከ−a ወደ 0 ሲሄድ t ከ a ወደ 0 ይሄዳል። ወሰኖቹን ገልብጠን ከ 0 ወደ a ስናደርጋቸው አንድ ማይነስ ይመጣል፤ ያ ማይነስ ከ −dt ማይነስ ጋር ይጣፋል። የሚቀረው ∫[0, a] f(−t) dt ነው። t የሚለው ፊደል ስም ብቻ ስለሆነ x ብለን ልንጽፈው እንችላለን። ሁለቱን ቁራጮች ስናገናኛቸው ይህ ይወጣል፦

∫[−a, a] f(x) dx = ∫[0, a] ( f(x) + f(−x) ) dx

ይህን "የማጠፊያው መስመር" እለዋለሁ። የግራውን ግማሽ አጥፎ ቀኙ ላይ ይደርበዋል። f ኢቭን ከሆነ ቅንፉ ውስጥ 2f(x) ይመጣል። ኦድ ከሆነ f(x) − f(x) ይመጣል፤ ዜሮ ነው። ሁለቱም ሕጎች እዚች መስመር ውስጥ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ መስመሩ f ኢቭን ወይም ኦድ እንዲሆን አይጠይቅም። ለማንኛውም f ይሠራል፣ ኢንቲግራሉ ውሱን ዋጋ እስካለው ድረስ።

በፖሊኖሚያል ላይ እንዴት ነው የሚሠራው?

እዚህ ቀላል ነው። የኦድ ፓወሮቹን ሰርዙ፣ የቀረውን ከዜሮ ጀምራችሁ አስሉና እጥፍ አድርጉ።

∫[−2, 2] (5x⁴ − 7x³ + 3x² + 11x − 1) dx

−7x³ እና 11x ኦድ ስለሆኑ ይወጣሉ። −1 ግን ይቆያል።

2 ∫[0, 2] (5x⁴ + 3x² − 1) dx = 2 (x⁵ + x³ − x)፣ x = 2 ላይ = 2 (32 + 8 − 2) = 76

በታች ወሰኑ ዜሮ መተካት እዚህ ምንም አይጨምርም። አንድም ኔጌቲቭ ቁጥር ወደ ፓወር ማንሳት አላስፈለገም። ስህተት በብዛት የሚፈጠረው ደግሞ እዚያ ነው፣ (−2)⁵ን ስታሰሉ ምልክት ሲጠፋ።

ሥር ወይም ሌላ ከባድ ነገር ሲኖርስ?

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው። ይህን እዩ፦

∫[−3, 3] (x³ + 2) √(9 − x²) dx

ቅንፉን በተኑት። የመጀመሪያው x³√(9 − x²) ነው። √(9 − x²) ውስጥ x ያለው በስኩዌር ብቻ ስለሆነ ኢቭን ነው። x³ ኦድ ነው። ብዜታቸው ኦድ ነው፣ ይጠፋል። ሰብስቲቲዩሽን ማሰብም አላስፈለገም።

የቀረው 2∫[−3, 3] √(9 − x²) dx ነው። ይህንም ማስላት አይጠበቅባችሁም። y = √(9 − x²) ራዲየሱ 3 የሆነ ክብ የላይኛው ግማሽ ነው፤ ስፋቱ 9π/2። ስለዚህ መልሱ 9π ነው።

ልብ በሉ፣ ፈንክሽኑ በጠቅላላው ኢቭንም ኦድም አልነበረም። በትነን ሁለት ቁራጭ ስናደርገው ነው አንደኛው ኦድ፣ ሌላኛው ኢቭን የሆነው። "ኢቭንም ኦድም አይደለም" ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ቅንፉን በትኑ።

ኦድ በኦድ ሲባዛ ኦድ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ኢቭን ነው። ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው። በቁጥር ሲሆን ኢ-ተጋማሽ በኢ-ተጋማሽ ሲባዛ ኢ-ተጋማሽ ይሰጣል፤ 3 × 5 = 15። ፈንክሽን ግን እንደዚያ አይሄድም። x³ × x⁵ = x⁸ ነው፤ ፓወሮቹ ይደመራሉ እንጂ አይባዙም።

ይበልጥ የሚረዳው ኢቭንን እንደ ፕላስ፣ ኦድን እንደ ማይነስ መቁጠር ነው። ማይነስ በማይነስ ፕላስ ነው፤ ስለዚህ x sin x ኢቭን ነው። ማይነስ በፕላስ ማይነስ ነው፤ ስለዚህ x cos x ኦድ ነው። ማካፈልም እንደዚሁ ነው፦ (sin x)/x ኢቭን ነው።

ድምር ግን ሌላ ነው። ኢቭን ሲደመር ኦድ፣ አንዱ ዜሮ ካልሆነ በስተቀር፣ ሁለቱንም አይደለም።

x = 1 እና x = −1 አስገብቼ ባወዳድር አይበቃም?

ለመጣል ይበቃል፣ ለማጽደቅ ግን አይበቃም። f(1) እና f(−1) እኩል ካልሆኑ ኢቭን አለመሆኑ ተረጋገጠ። እኩል ከሆኑ ግን ገና ምንም አላወቃችሁም።

f(x) = x³ + x² − x ን ሞክሩ። f(1) = 1፣ f(−1) = −1 + 1 + 1 = 1። ኢቭን ይመስላል። f(2) = 10 ነው፣ f(−2) ግን −2 ነው። በ 1 መሞከር በተለይ አሳሳች ነው፤ የ 1 ፓወሮች ሁሉ 1 ስለሆኑ የተለያዩ ተርሞች በቀላሉ ይጣፋሉ። ቁጥር ማስገባት ካለባችሁ 2ን ወይም 0.7ን አስገቡ። ለማረጋገጥ ግን −x ን በፊደል አስገብታችሁ አቃልሉ።

በዓይን የማይለዩም አሉ። ln(x + √(1 + x²)) ኦድ ነው ቢባል ማን ያምናል? f(x) + f(−x) ን ደምሩ። የሎጋሪዝም ድምር የውስጦቹ ብዜት ሎጋሪዝም ስለሆነ ln( (√(1 + x²) + x)(√(1 + x²) − x) ) ይሆናል። ውስጡ 1 + x² − x² = 1 ነው፤ ln 1 ደግሞ ዜሮ። ስለዚህ ኦድ ነው። በ cos x ተባዝቶ ከ−4 እስከ 4 ኢንቲግሬት አድርጉ ቢባል መልሱ በአንድ መስመር ዜሮ ነው።

ፈንክሽኑ ኢቭንም ኦድም ካልሆነና መበተንም ካልቻለ አለቀ ማለት ነው?

አላለቀም። የማጠፊያው መስመር አለን። ይህን እንሥራ፦

∫[−2, 2] x² / (1 + eˣ) dx

አንቲዴሪቫቲቩን ፈልጋችሁ ብትደክሙ በምታውቋቸው የተለመዱ ፈንክሽኖች አይጻፍም። ኢቭን አይደለም፣ ኦድም አይደለም። x² ን ነጥላችሁ ማውጣት አትችሉም፣ ክፍልፋዩም አይበተንም። ስለዚህ እናጥፈው። f(x) + f(−x) ምንድን ነው?

f(−x) = x² / (1 + e⁻ˣ)

ላይና ታቹን በ eˣ አባዙ፦

f(−x) = x² eˣ / (eˣ + 1)

አሁን ታቹ ከ f(x) ታች ጋር አንድ ሆነ። ደምሩ፦

f(x) + f(−x) = x² (1 + eˣ) / (1 + eˣ) = x²

ያ አስቸጋሪ የነበረው eˣ ጠፋ። ስለዚህ፦

∫[−2, 2] x² / (1 + eˣ) dx = ∫[0, 2] x² dx = 8/3

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ማመን አቅቶኝ በቁጥር ፈተሽኩት። እናንተም ፈትሹ። x = 1 ላይ ፈንክሽኑ 0.269 ገደማ ነው፣ x = −1 ላይ 0.731 ገደማ። ድምራቸው 1፣ ማለትም 1²። x = 2 ላይ 0.477፣ x = −2 ላይ 3.523፤ ድምራቸው 4፣ ማለትም 2²። ቀኙ ላይ የጎደለው ሁሉ ግራው ላይ ሞልቷል።

ነገሩን በዚህ መንገድም ማየት ይቻላል። ተራው x² ከ−2 እስከ 2 ሲወሰድ 16/3 ይሰጣል። በ 1 + eˣ ስናካፍለው ክብደቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ጠቅላላው ግን የ 16/3 እኩሌታ ነው። በ−x ላይ የሚገኘው ድርሻና በ x ላይ የሚገኘው ድርሻ ተደምረው ሁልጊዜ ልክ አንድ ስለሚሆኑ ነው።

አሁን የሚፈለገው ምን እንደነበር አስተውሉ። ላይ ያለው x² ኢቭን መሆን ነበረበት። eˣ ላይ ፓወር ሆኖ የተቀመጠው x ደግሞ ኦድ መሆን ነበረበት። ሌላ ምንም። ስለዚህ g ኢቭን፣ h ኦድ ከሆነ፦

∫[−a, a] g(x) / (1 + e^h(x)) dx = ∫[0, a] g(x) dx

h(x) = x³ ቢሆን፣ sin x ቢሆን፣ 5x ቢሆን ለውጥ የለውም። e በ 2 ወይም በ 10 ቢተካም ያው ነው።

አንድ ነገር ሲነካ ግን ሁሉም ይፈርሳል። ታቹ 1 + eˣ መሆኑ ቀርቶ 2 + eˣ ቢሆን የሁለቱ ድርሻ ድምር ቋሚ አይሆንም። 1/(2 + eˣ) + 1/(2 + e⁻ˣ) በ x = 0 ላይ 0.667 ገደማ ነው፣ በ x = 3 ላይ 0.533 ገደማ። ስለዚህ በመልኩ ብቻ አትሂዱ። f(x) + f(−x) ን በእጃችሁ ደምሩ። ድምሩ ከ f ቀልሎ ከመጣ ማጠፍ ጠቅሟችኋል። ካልቀለለ ተዉት። ለምሳሌ eˣ ብቻውን ሲታጠፍ eˣ + e⁻ˣ ይሆናል። ስህተት የለበትም፣ ግን ሥራ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

u = x² ብዬ ስተካ ላይና ታች ወሰኑ እኩል ይሆናል። ታዲያ ሁሉም ዜሮ ነው?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። ∫[−1, 1] x² dx ን ያዙ። u = x² ስንል x = −1 ላይ u = 1፣ x = 1 ላይም u = 1። ከ 1 እስከ 1 ያለ ኢንቲግራል ዜሮ ነው። ግን x² ከዜሮ በታች የትም አይወርድም፤ ትክክለኛው መልስ 2/3 ነው። ምን ተፈጠረ?

x² dx ን ወደ u ለመቀየር x · (x dx) ብላችሁ ትጽፋላችሁ። x dx = du/2 ነው። የቀረውን x ደግሞ √u ብላችሁ ትተካላችሁ። ስህተቱ እዚህ ነው። x = √u እውነት የሚሆነው x ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ ነው። በግራው ግማሽ x = −√u ነው። ስለዚህ ዜሮ ላይ ሳትቆርጡ መተካት አትችሉም።

ኢንቲግራሉ ∫[−1, 1] x e^(x²) dx ቢሆን ኖሮስ? ያኔ x dx በሙሉ ወደ du/2 ይገባል፣ የሚተርፍ x የለም። √u መጻፍ አያስፈልግም። ከ 1 እስከ 1፣ ዜሮ። ትክክል ነው፤ ፈንክሽኑም ኦድ ነው። ስለዚህ መለያው ይህ ነው፦ ከተካችሁ በኋላ x ተርፎ ሥር እንድትጽፉ ካስገደዳችሁ ወሰኖቹን አትመኑ።

1/x ኦድ ነው። ታዲያ ∫[−1, 1] (1/x) dx ዜሮ አይደለም?

አይደለም። ይህ ኢንቲግራል ዋጋ የለውም። ሕጉ የቆመው ኢንቲግራሉን ዜሮ ላይ ቆርጠን ሁለቱም ቁራጮች ውሱን ዋጋ ሲኖራቸው ነው። ∫[0, 1] (1/x) dx ግን ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። ኢንፊኒቲ ሲቀነስ ኢንፊኒቲ ዜሮ አይባልም።

"ግን እኩል በእኩል ይጣፋሉ እኮ" የሚል ይኖራል። የሚጣፉት ከግራም ከቀኝም ዜሮን በእኩል ፍጥነት ስትጠጉት ብቻ ነው። ከግራ እስከ −ε፣ ከቀኝ ደግሞ ከ 2ε ጀምራችሁ ብትወስዱ ከግራው ln ε፣ ከቀኙ −ln(2ε) ይመጣል። ድምሩ −ln 2 ነው፤ ε የቱንም ያህል ብታሳንሱት አይለወጥም። በአጠጋጋችሁ መጠን የፈለጋችሁትን ቁጥር ታገኛላችሁ። ስለዚህ አንድ መልስ አለው ማለት አይቻልም።

ዜሮ ላይ የሚፈነዳ ሁሉ ግን እንደዚህ አይደለም። x^(−1/3) ም ኦድ ነው፣ ዜሮ ላይም ይፈነዳል። ሆኖም ∫[0, 1] x^(−1/3) dx = 3/2 ነው፣ ውሱን። ስለዚህ ከ−1 እስከ 1 ያለው በእርግጥ ዜሮ ነው። ፍተሻው አንድ ነው፦ የቀኙን ግማሽ ለብቻው አስሉ፤ ውሱን ከሆነ ሕጉን ተጠቀሙ።

ኢቭኑም ወጥመድ አለው። ∫[−1, 1] (1/x²) dx ን አንቲዴሪቫቲቩን −1/x ብሎ በቀጥታ ያሰላ ሰው −2 ያገኛል። ሁልጊዜ ፖዘቲቭ የሆነ ፈንክሽን ኔጌቲቭ መልስ ሰጠ ማለት ነው። መጀመሪያ 2∫[0, 1] (1/x²) dx ብላችሁ ብትጽፉት ኖሮ ችግሩ ዜሮ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያችሁ ነበር።

ፍንዳታው ደግሞ የግድ ዜሮ ላይ ብቻ አይደለም። tan x ከ−1 እስከ 1 ዜሮ ይሰጣል። ከ−2 እስከ 2 ግን አይሰጥም፤ π/2፣ ማለትም 1.57 ገደማ፣ መሃል ይገባል።

ወሰኑ ከኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ እስከ ኢንፊኒቲ ከሆነስ?

ፍተሻው ያው ነው፦ ግማሹ ውሱን መሆን አለበት። x e^(−x²/2) ኦድ ነው፤ ከዜሮ እስከ ኢንፊኒቲ ያለው ግማሹ 1 ነው። ስለዚህ ሙሉው ዜሮ ነው። የስታንዳርድ ኖርማል ስርጭት አማካይ ዜሮ የሚሆነው በዚህ ነው።

x/(1 + x²) ም ኦድ ነው፤ ግማሹ ግን ውሱን አይደለም። ከ−R እስከ 2R ብትወስዱት፣ R ሲያድግ ወደ ln 2 ይጠጋል፤ ከ−R እስከ R ብትወስዱት ግን ዜሮ ነው። የኮሺ ስርጭት ግራፉ ልክ ዜሮ ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ሆኖ ሳለ አማካይ የለውም የሚባለው ለዚህ ነው።

ስፋት ፈልጉ ሲባል ዜሮ ልጽፍ እችላለሁ?

አትችሉም። ኢንቲግራል ከዘንጉ በታች ያለውን በማይነስ ይቆጥራል፣ ስፋት ግን ሁሉንም በፕላስ ይቆጥራል። x³ − x ከ−2 እስከ 2 ኢንቲግራሉ ዜሮ ነው። በግራፉና በ x ዘንግ መካከል ያለው ስፋት ግን 5 ነው።

ሆኖም ሲሜትሪው እዚህም ያግዛል። ስፋት የሚጠይቀው የ|f|ን ኢንቲግራል ነው፤ f ኦድ ከሆነ |f| ኢቭን ነው። ስለዚህ የቀኙን ስፋት ፈልጉና እጥፍ አድርጉ። ከ 0 እስከ 1 ግራፉ ከዘንጉ በታች ነው፣ ስፋቱ 1/4። ከ 1 እስከ 2 በላይ ነው፣ ስፋቱ 9/4። ድምሩ 5/2፣ እጥፉ 5።

መሃሉ ዜሮ ካልሆነስ?

ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። ወሰኑ ከ−2 እስከ 3 ከሆነ ከ−2 እስከ 2 ያለውን ነጥሉ። ፈንክሽኑ ኦድ ከሆነ ያ ክፍል ይጠፋና ከ 2 እስከ 3 ያለው ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው መሃሉን ማዛወር ነው፦

∫[1, 5] x √(4 − (x − 3)²) dx

የ 1 እና የ 5 መሃል 3 ነው፤ ሥሩ ውስጥም x − 3 አለ። t = x − 3 በሉ። x = t + 3 ይሆናል፣ ወሰኑም ከ−2 እስከ 2፦

∫[−2, 2] (t + 3) √(4 − t²) dt

t√(4 − t²) ኦድ ነው፣ ይጠፋል። የቀረው 3 እጥፍ ራዲየሱ 2 የሆነ ግማሽ ክብ ነው። የግማሽ ክቡ ስፋት 2π ስለሆነ መልሱ 6π ነው።